ለነባር ደንበኛ የአንድ ወር ዕረፍትን ማሳወቅና ቀነ ገደቦችን ማሸጋሸግ፦ ለሂሳብና ታክስ አማካሪዎች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

የሂሳብና የታክስ አማካሪ ለአንድ ወር ከሥራ ሲርቅ የደንበኛው ግዴታዎች አብረውት አያርፉም። የተጨማሪ እሴት ታክስ ማሳወቂያ፣ ከሠራተኞች ደመወዝ የሚቆረጠው ግብር፣ የጡረታ መዋጮና ከአቅራቢዎች ክፍያ ላይ ተቀንሶ የተያዘው ግብር በየወሩ ቀናቸውን ጠብቀው ይመጣሉ። ስለዚህ ለነባር ደንበኛ የሚጻፈው ደብዳቤ በይዘቱ የሥራ ዕቅድ መሆን አለበት። የትኛው ሥራ በዕረፍቱ ምክንያት እንደሚነካ፣ የሚነካው ወደ የትኛው ቀን እንደሚዛወር፣ በመካከል የሚፈጠረውን ክፍተት ማን እንደሚሸፍንና ክፍያው እንዴት እንደሚሆን ደንበኛው ከአንድ ገጽ ላይ አንብቦ መረዳት ይኖርበታል።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ምሳሌ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሂድ። አማካሪዋ በአዲስ አበባ የራሷ ቢሮ ያላት ባለሙያ ናት። ደንበኛዋ የሕንፃ ማጠናቀቂያ ዕቃዎችን እያስመጣ የሚያከፋፍል፣ ሃያ ያህል ሠራተኞች ያሉትና በግብር ከፋይነት ደረጃ «ሀ» የተመደበ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው፤ አብረው ሲሠሩ ብዙ ዓመታት ተቆጥረዋል። ድርጅቱ ደረሰኝ የሚሰበስብና መዝገብ የሚይዝ አንድ የሂሳብ ሠራተኛ አለው። አማካሪዋ የወሩን ሂሳብ ትዘጋለች፣ ታክሱን ታሳውቃለች፣ የደመወዝ መክፈያ ሰነዱን ታዘጋጃለች፣ በየስድስት ወሩም ለባለቤቱ ዝርዝር ሪፖርት ታቀርባለች። በ2018 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ ውጭ አገር የሚኖሩ ቤተሰቦቿን ለመጠየቅ ለአንድ ወር ልትሄድ አስባለች።

አንደኛ፦ የአውሮፕላን ቲኬት ከመቁረጥ በፊት ወሩን መምረጥ

ከደንበኛው ጋር የሚደረገው ንግግር ቀላል ወይም ከባድ የሚሆነው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ ዓመታዊ ግብሩን የሚያሳውቀው ከዚያ በኋላ ባሉት አራት ወራት፣ ማለትም እስከ ጥቅምት 30 ነው። የዕቃ ቆጠራ የሚደረገው፣ የውጭ ኦዲተር የሚገባውና የዓመቱ ሂሳብ የሚዘጋው በዚሁ ጊዜ በመሆኑ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ያለውን ጊዜ ለረጅም ዕረፍት ባያስቡት ይመረጣል። ደንበኛው ምንም ያህል ቢወድዎት በእነዚህ ወራት ለመልቀቅ የሚስማማው በቅሬታ ነው፤ ቅሬታውም ተገቢ ነው።

ከቀሩት ወራት መካከል አንዱን ከመረጡ በኋላ የወሩን መነሻ ያስቡበት። ወርኃዊ ማሳወቂያዎች የሚጠናቀቁት በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ነው፤ የታኅሣሥ እስከ ጥር 30፣ የጥር እስከ የካቲት 30 ማለት ነው። ከወር እስከ ወር፣ ማለትም ከጥር 1 እስከ ጥር 30 የሚሄድ አማካሪ የታኅሣሥን ሂሳብ ሳይዘጋ ወጥቶ የማሳወቂያው ቀን ሊያልፍ ሲል ይመለሳል። ከጥር 15 እስከ የካቲት 15 የሚሄድ ግን ከመሄዱ በፊት የታኅሣሥን፣ ከተመለሰ በኋላ የጥርን ሥራ ለመጨረስ በሁለቱም በኩል ሁለት ሁለት ሳምንት ያህል ያገኛል። የዕረፍቱ ቀኖች ብዛት ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ የሚፈጠረው ጫና እጅግ የተለያየ ነው። አማካሪዋም ዓርብ ጥር 15 ተነሥታ እሑድ የካቲት 15 ለመመለስና ሰኞ የካቲት 16 ቢሮ ለመግባት ወሰነች። ቲኬቱ የሚቆረጠው በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሆነ ለደንበኛው ከመናገርዎ በፊት ቀኖቹን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፈው ያስተያዩ፤ ጥር 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ጃንዋሪ 23 ቀን 2026 ነው።

ሁለተኛ፦ ቀነ ገደቦቹን እንደ ባለቤታቸው መለየት

በወረቀት ላይ ከመነሻው ሁለት ሳምንት በፊት ጀምሮ ከመመለሻው ሁለት ሳምንት በኋላ ድረስ ያሉትን የሥራ ቀኖች በሙሉ ይዘርዝሩ። ከዚያም በእያንዳንዱ ቀን ትይዩ ያንን ቀን የወሰነው ማን እንደሆነ ይጻፉ።

ሕግ የወሰናቸው ቀኖች አይሸጋሸጉም። እነዚህን በተመለከተ ለደንበኛው ማቅረብ የሚቻለው ሥራው ከቀኑ አስቀድሞ እንዲሠራ ወይም ሌላ ባለሙያ በጊዜው እንዲሠራው ብቻ ነው። ዘግይቶ ማሳወቅ ካልተከፈለው ታክስ 5 በመቶ የሚጀምር ቅጣት ያስከትላል፤ ቅጣቱም የሚጻፈው በደንበኛው ስም ነው። «ከተመለስኩ በኋላ እናስተካክለዋለን» የሚባል ነገር በዚህ ክፍል ቦታ የለውም።

በስምምነት የተወሰኑት ቀኖች ግን ሊሸጋሸጉ ይችላሉ። በምሳሌያችን የስድስት ወሩ ሪፖርት በየዓመቱ ጥር 30 ለባለቤቱ ይቀርባል፤ ይህን ቀን ያወጡት ራሳቸው ናቸው። እንዲህ ያለውን ቀን ለማዛወር ከመጠየቅ በፊት ደንበኛው ሪፖርቱን ለምን እንደሚፈልገው ማወቅ ያሻል። ባለቤቱ ለማኅበሩ አባላት ስብሰባ ከሆነ የሚፈልጉት ስብሰባው የሚካሄድበት ቀን ወሳኝ ነው፤ ለራሳቸው ግንዛቤ ከሆነ ግን ሁለትና ሦስት ሳምንት መዘግየቱ ብዙም አያስጨንቃቸውም።

ሦስተኛው ክፍል ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነው፤ የሠራተኞች ደመወዝ። ይህን ቀን የሚጠብቁት ሃያ ቤተሰቦች ናቸውና በአማካሪና በባለቤት ስምምነት ሊዛወር አይችልም። የጥር ደመወዝ የሚከፈለው አማካሪዋ በሌለችበት ጊዜ ነው። ከደመወዙ የተቆረጠውን ግብርና የጡረታውን መዋጮ፣ ማለትም ከሠራተኛው 7 በመቶና ከአሠሪው 11 በመቶ፣ ለማሳወቅ እስከ የካቲት 30 ጊዜ ስላለ ያ ሥራ እስክትመለስ ይቆያል። የመክፈያ ሰነዱ ግን ሊቆይ አይችልም። ስለዚህ የታኅሣሥን ሰነድ መነሻ አድርጋ የጥሩን አስቀድማ አዘጋጅታ ትተዋለች፤ የድርጅቱ የሂሳብ ሠራተኛ የሚሞላው የትርፍ ሰዓትንና የቀረበትን ቀን ብቻ ይሆናል። በመካከል ሥራ የሚለቅ ሠራተኛ ካለ የስንብት ክፍያው ስሌት ለተተኪው ባለሙያ ይላካል።

ሦስተኛ፦ ከመነሻው ቀን ወደ ኋላ መቁጠር

አሁን የታኅሣሥ ማሳወቂያ ከጥር 15 በፊት እንዲጠናቀቅ ምን እንደሚያስፈልግ እናስላ። የጉዞው ዋዜማ፣ ሐሙስ ጥር 14፣ ለርክክብ ብቻ ይተው። ስለዚህ ማሳወቂያው ረቡዕ ጥር 13 መግባት አለበት። ጥር 11 ጥምቀት ነው፤ በ2018 ዓ.ም. ሰኞ ላይ ስለሚውልና ከተራው እሑድ ስለሆነ ሁለት ቀን ሙሉ ሥራ የለም። ሂሳቡን ለመዝጋት አራት የሥራ ቀንና የቅዳሜ ግማሽ ቀን ያስፈልጋል ብንል ሰነዶቹ በሙሉ እስከ ረቡዕ ጥር 6 ድረስ መድረስ አለባቸው። ድርጅቱ በተለመደው ጊዜ ሰነዶቹን የሚያመጣው ወደ ወሩ አጋማሽ ስለሆነ የሚጠየቀው ዘጠኝ ቀን ያህል ማፋጠን ነው። ገና ታኅሣሥ 29 ስለሚውል የድርጅቱ የሂሳብ ሠራተኛ ከበዓሉ በኋላ የሚቀሩት የሥራ ቀኖች ከአንድ ሳምንት ያነሱ ናቸው።

ይህንን ለሰው ቢጠይቁት «አይቻልም» ቢልዎት እውነቱን ነው። መፍትሔው ሰነዱን በሁለት ከፍሎ መቀበል ነው። ከታኅሣሥ 1 እስከ 20 ያሉት የግዥ ደረሰኞች፣ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው የዕለት ዜድ ሪፖርቶችና የጉምሩክ ዲክላራሲዮኖች ታኅሣሥ 22 ይምጡ። የቀሩት አሥር ቀኖችና የባንክ መግለጫው ጥር 6 ይከተሉ። አማካሪዋ በገና ሰሞን የመጀመሪያውን ክፍል መዝግባ፣ የጎደለ ደረሰኝ ወይም የተሳሳተ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ካለ ለይታ ስለምትቆይ ከጥር 6 በኋላ የሚቀራት ሥራ ሲሶው ብቻ ይሆናል።

ባለቤቱ ይህንን ሲሰሙ መጀመሪያ የሚያነሡት ጥያቄ ስለ ገንዘብ መሆኑን ይጠብቁ፦ «ታዲያ ታክሱን ጥር 13 ክፈል ልትይኝ ነው?» አስመጪ ነጋዴ ገንዘቡ በዕቃ ላይ ስላለ ሁለት ሳምንት ቀድሞ መክፈል ይከብደዋል። ማሳወቅና መክፈል ሁለት የተለያዩ ተግባራት በመሆናቸው ማሳወቂያው ጥር 13 ገብቶ ክፍያው እስከ መጨረሻዎቹ ቀኖች ሊቆይ ይችላል። ጥር 30 ቅዳሜ ላይ ስለሚውል ለክፍያው ሐሙስ ጥር 28ን መቁረጡ ይበጃል፤ የባንኩ መስመር ቢቋረጥ እንኳ ዓርብ ትቀራለች። እዚህ ላይ አደጋው መዘንጋት ነው፤ የከፋዩ ስም በደብዳቤው ላይ ይጻፍ፤ ከፋዩም የክፍያ ማረጋገጫውን በዚያው ዕለት ለተተኪው ባለሙያ ይላክ።

ከመመለሻው በኋላ ያለውም ጊዜ እንዲሁ በጥንቃቄ ይቆጠር። ብዙ አማካሪዎች ደንበኛውን ለማስደሰት ሲሉ የዘገየውን ሥራ ሁሉ በተመለሱ ማግሥት ለማስረከብ ቃል ይገባሉ። ይህ ትልቅ ስህተት ይመስለኛል፤ አንድ ጊዜ የተሸጋሸገ ቀን ለሁለተኛ ጊዜ ከተሸጋሸገ ደንበኛው ዕረፍቱን ራሱን መጠየቅ ይጀምራል። የጥር ማሳወቂያ ሕግ ያለበት ስለሆነ ይቀድማል፤ የካቲት 23 የዓድዋ በዓል መሆኑን አስልታ አማካሪዋ ለማሳወቂያው ማክሰኞ የካቲት 24ን፣ ለስድስት ወሩ ሪፖርት ዓርብ የካቲት 27ን ትመርጣለች።

አራተኛ፦ በሌሉበት የሚደርስ ደብዳቤን ማሰብ

ከሁሉም በላይ ዕረፍቱን ሊያበላሽ የሚችለው በዝርዝሩ ውስጥ የሌለው ነገር ነው። በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት በግብር ውሳኔ ቅር የተሰኘ ግብር ከፋይ ቅሬታውን የሚያቀርበው የውሳኔው ማስታወቂያ በደረሰው በ21 ቀን ውስጥ ነው። አማካሪዋ በተነሣች በሁለተኛው ቀን ማስታወቂያ ቢደርስና የሂሳብ ሠራተኛው «እሷ ስትመጣ ታየዋለች» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ቢያስቀምጠው የቅሬታው ጊዜ እሷ ከመመለሷ በፊት ያልፋል። የአንድ ወር ዕረፍት ከቅሬታው ጊዜ ይረዝማልና ተተኪ ባለሙያ መሰየም የግድ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ተተኪው ፈቃድ ያለው ባለሙያ መሆን ይኖርበታል፤ በግብር ባለሥልጣኑ ፊት ደንበኛውን ወክሎ የሚቀርብ ከሆነ ተገቢው ውክልና ያስፈልገዋልና ይህ ከጉዞው በፊት ይጠናቀቅ። የደንበኛውን አንድ ገጽ ሰነድ እንኳ ከማሳየትዎ በፊት ግን የባለቤቱን ፈቃድ ያግኙ። የማስመጫ ዋጋና የደንበኞች ዝርዝር በአንድ ገበያ ውስጥ ምን ያህል እንደሚጠበቅ ነጋዴ ሁሉ ያውቃል፤ ተተኪው የተፎካካሪውን ሂሳብ የሚሠራ ሊሆን ይችላል። ባለቤቱ እምቢ ካሉ ሌላ ሰው ያቅርቡ እንጂ አይከራከሩ።

የተተኪው ሥራ ጠባብ ይሁን። ከግብር ባለሥልጣን ወይም ከባንክ የሚመጣ ደብዳቤን መቀበልና መልስ የሚያስፈልገውን መመለስ፣ የጥር 28ቱን ክፍያ መከታተል፣ የታኅሣሥ ማሳወቂያ በሆነ ምክንያት ሳይገባ ከቀረ ማስገባት፤ ከዚህ ውጭ ያለው ይቆይ። በድርጅቱ በኩል ደግሞ ደብዳቤ የሚቀበለው ሰው አንድ መሆን አለበት፤ የተቀበለበትን ቀን በላዩ ላይ ጽፎ በዚያው ዕለት ፎቶውን ይላክ። 21 ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነውና።

የኤሌክትሮኒክ ማሳወቂያው መለያና የይለፍ ቃል በአማካሪዋ ስልክ ወይም ኢሜይል የተመዘገበ ከሆነ ውጭ አገር ሆና ላታገኘው ትችላለች። ከመሄዷ በፊት ወደ ድርጅቱ ስልክ ይዛወር። በእርግጥ ይህ ዕረፍት ባይኖርም መሆን የነበረበት ነው፤ የድርጅቱ መለያ የድርጅቱ ንብረት ነው።

አምስተኛ፦ በቃል መናገር፣ ከዚያ መጻፍ

ለነባር ደንበኛ ዜናውን በደብዳቤ መጀመር ቅር ያሰኛል፤ በቴሌግራም መልእክት መጀመር ደግሞ ይባስ። መጀመሪያ ለባለቤቱ በአካል ይነገራቸው፤ ከጉዞው ሁለት ወር ያህል ቀድሞ ቢሆን ጥሩ ነው። የሂሳብ ሠራተኛው ከባለቤቱ ቀድሞ መስማት የለበትም፤ ነገር ግን ባለቤቱ በመርሕ ከተስማሙ በኋላ፣ ቀኖቹ በወረቀት ላይ ከመስፈራቸው በፊት፣ እሱን ማማከር ይገባል። ታኅሣሥ 22 ሰነድ ማምጣት የሚችለው ወይም የማይችለው እሱ ነውና።

ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገሩ። ፈጽሞ ዝም ማለት በእኛ አገር ሁለት ጥርጣሬ ይወልዳል፦ ታማለች ወይም በዚያው ልትቀር ነው። ሁለተኛው በተለይ ወደ አሜሪካ ወይም ወደ አውሮፓ በሚሄድ ሰው ላይ ፈጥኖ ይመጣል። ስለ መመለስ ደጋግሞ ከመማል ይልቅ ከመመለሻው በኋላ የሚደረግ ስብሰባ ቀንና ሰዓት መቁረጥ ይሻላል።

በንግግሩ ላይ ሊነሣ የሚችለውን አንድ ጉዳይ እንይ። ባለቤቱ እንዲህ አሉ እንበል፦ «ልጄ፣ መሄድሽስ ደስ ይለኛል፤ ግን ባንኩ ብድሩን ለማደስ የስድስት ወሩን ሂሳብ እስከ የካቲት 10 ይጠይቀኛል።» ይህ በአማካሪዋ ዕቅድ ውስጥ ያልነበረ ቀን ነው። እዚያው «ችግር የለም፣ አደርሳለሁ» ማለት አይገባም። አማካሪዋ እንዲህ ብትመልስ የተሻለ ነው፦ «ጋሼ፣ ስድስት ወሩን ከመሄዴ በፊት ጨርሼ መዝጋት አልችልም፤ እስከ ኅዳር 30 ያለውን የአምስት ወር ጊዜያዊ የሂሳብ መግለጫ ግን ጥር 14 ላስረክብዎ እችላለሁ። ባንኩ ይህን ተቀብሎ የስድስት ወሩን የካቲት 27 ይጠብቅ እንደሆነ ነገ ይጠይቁልኝ።» ባንኩ ከተቀበለ ጉዳዩ አለቀ። ካልተቀበለ የስድስት ወሩን መግለጫ ተተኪው እንዲያዘጋጀው መስማማት ወይም የጉዞውን ቀን መግፋት ይቀራል፤ ሦስተኛ መንገድ የለም። ንግግሩ ከጉዞው ሁለት ወር ቀድሞ የሚደረገውም ይህን የመሰለው ቀን ገና ምርጫ እያለ እንዲወጣ ነው።

ክፍያውንም በዚሁ ንግግር ላይ ያንሡት። ሳይነሣ የቀረ ክፍያ የካቲት መጨረሻ ላይ በግማሽ ተቆርጦ ይመጣል፤ ያን ጊዜ መከራከር ያስቀይማል። የእኔ አስተያየት ግልጽ ነው፤ የወሩ ሥራ ቀኑ ተሸጋሽጎ ሙሉ በሙሉ የሚሠራ ከሆነ ወርኃዊ ክፍያው አይቀነስም፤ የተተኪው ወጪም በአማካሪው ይሸፈናል። እንደ ግብር ቅሬታ ያለ ከመደበኛው ሥራ ውጭ የሆነ ጉዳይ ከመጣ ግን ለብቻው ይታሰባል። የሚቀር ሥራ ካለ ያንኑ ያህል ራስዎ ቀንሰው ያቅርቡ።

ስድስተኛ፦ ደብዳቤው

ባለቤቱ ባንኩን ጠይቀው የአምስት ወሩን መግለጫ እንደሚቀበል ካረጋገጡ በኋላ የተጻፈው ደብዳቤ የሚከተለውን ይመስላል።

> ቀን፦ ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.
>
> ለድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ
> አዲስ አበባ
>
> ጉዳዩ፦ ከጥር 15 እስከ የካቲት 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ስለሚኖረኝ ዕረፍትና ስለተሸጋሸጉ የሥራ ቀኖች
>
> ባለፈው ሳምንት በቢሮዎ ተገኝቼ እንደገለጽኩት ቤተሰቤን ለመጠየቅ ከዓርብ ጥር 15 እስከ እሑድ የካቲት 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ከአገር ውጭ እቆያለሁ። ሰኞ የካቲት 16 ወደ ሥራ የምመለስ ሲሆን፣ በማግሥቱ ማክሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በቢሮዎ እንድንገናኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።
>
> የታኅሣሥ ወር የታክስና የጡረታ ማሳወቂያዎችን ጥር 13 አስገባለሁ። ለዚህም ከታኅሣሥ 1 እስከ 20 ያሉት ሰነዶች ታኅሣሥ 22፣ የቀሩት ጥር 6 እንዲደርሱኝ ከሂሳብ ክፍልዎ ጋር ተነጋግረናል። ክፍያው በድርጅቱ ገንዘብ ያዥ አማካይነት ጥር 28 ይፈጸማል።
>
> እስከ ኅዳር 30 ያለውን ጊዜያዊ የሂሳብ መግለጫ ጥር 14 አስረክባለሁ። ጥር 30 ይቀርብ የነበረው የስድስት ወር ሪፖርት ወደ የካቲት 27 እንዲዛወር አመለክታለሁ። የጥር ወር ማሳወቂያዎች የካቲት 24 ይገባሉ። የጥር ደመወዝ መክፈያ ሰነድ ተዘጋጅቶ ጥር 14 ለሂሳብ ክፍሉ ይሰጣል።
>
> በሌለሁበት ጊዜ ከግብር ባለሥልጣን ወይም ከባንክ ለሚመጣ ደብዳቤ እርስዎ የፈቀዱላቸው ተተኪ ባለሙያ ምላሽ ይሰጣሉ። ደብዳቤው በደረሰበት ዕለት እንዲላክላቸው አደራ እላለሁ። ወርኃዊው ክፍያ እንደተለመደው ይቀጥላል፤ የተተኪው ወጪ በእኔ ይሸፈናል። የግብር ቅሬታ ማዘጋጀት ካስፈለገ ክፍያው አስቀድሞ በስምምነት ይወሰናል።
>
> ከላይ የተጠቀሱትን ቀኖች መስማማትዎን እስከ ታኅሣሥ 3 በጽሑፍ እንዲያሳውቁኝ፣ የማይመች ቀን ካለም እንዲጠቁሙኝ እጠይቃለሁ።
>
> ከሰላምታ ጋር

በደብዳቤው ውስጥ ረጅም ይቅርታ እንደሌለ ያስተውሉ። ይቅርታ የሚያበዛ ደብዳቤ ደንበኛው የተበደለ እንዲመስለው ያደርጋል፤ እንዲህ ያለው ስሜት ከተፈጠረ ቀኖቹን መደራደር ይከብዳል። «በኢሜይል ሁልጊዜ እገኛለሁ» የሚል ቃልም የለም፤ ለተተኪው የተሰጠውን ሥራ ያፈርሰዋልና።

ደብዳቤው በመዝገብ ቤት ማኅተም ተመትቶ መመለሱ መድረሱን ብቻ ያሳያል። የባለቤቱ ስምምነት በመልስ ደብዳቤ ወይም በኢሜይል እስኪመጣ ድረስ የስድስት ወሩ ሪፖርት ቀን አሁንም ጥር 30 ነው ብለው ይቁጠሩ። ታኅሣሥ 3 አልፎ መልስ ከሌለ ደውለው ይጠይቁ፤ ዝምታን እንደ ስምምነት ወስደው አይቀመጡ።

ሰባተኛ፦ ዕቅዱ መፍረስ መጀመሩን በጊዜ ማወቅ

የመጀመሪያው ፈተና ታኅሣሥ 22 ነው። የመጀመሪያው የሰነድ ክፍል በዚያ ቀን ካልመጣ ሁለተኛውም ጥር 6 አይመጣም ብሎ ማሰብ ያስኬዳል። በማግሥቱ ለሂሳብ ሠራተኛው ይደወል፤ እስከ ታኅሣሥ 25 መፍትሔ ካልተገኘ ለባለቤቱ ይነገር። ጥር 6 ደርሶ የጎደለው ጥቂት የግዥ ደረሰኝ ከሆነ ሥራው ይቀጥላል። የጎደለው የዜድ ሪፖርት ከሆነ ግን የሽያጩ ድምር ስለማይታወቅ ማሳወቂያው መግባት የለበትም፤ ያልተሟላ ሽያጭ ማሳወቅ ከመዘግየት የባሰ መዘዝ አለው። በዚህ ጊዜ አማካሪዋ የተመዘገበውን ሁሉ ጥር 14 ለተተኪው ታስረክባለች፤ ተተኪው እስከ ጥር 28 ያለውን ጊዜ ተጠቅሞ ያስገባዋል። ይህ አማራጭ መኖሩን ለባለቤቱ በቃል መንገር በቂ ነው፤ በደብዳቤው ላይ ቢሰፍር ግን ሰነዱን ለማዘግየት እንደ ፈቃድ ይቆጠራል።

ጥር 14 በሚደረገው ርክክብ ላይ ተተኪው፣ የሂሳብ ሠራተኛውና አማካሪዋ አንድ ላይ ይቀመጡ። የማሳወቂያዎቹ ማረጋገጫ፣ የክፍያው ትእዛዝ፣ የደመወዝ ሰነዱና የአምስት ወሩ መግለጫ በዝርዝር ተጽፈው ሦስቱም ይፈርሙበት።

የካቲት 16 ጠዋት መጀመሪያ የሚከፈተው የተተኪው ፋይል ነው። የጥር 28 ክፍያ ማረጋገጫ መኖሩ፣ በዕረፍቱ ጊዜ የደረሱ ደብዳቤዎች የደረሱበት ቀንና የተሰጣቸው መልስ ይታያሉ። በማግሥቱ በባለቤቱ ቢሮ በሚደረገው ስብሰባ ላይ እነዚህ ይቀርባሉ፤ የካቲት 24 እና 27 እንደጸኑም ይነገራል። ለተተኪው የተሰጡት ሰነዶች ከነቅጂያቸው በፊርማ ይመለሳሉ፤ የውክልናው ሥልጣን ይነሣል፤ የኤሌክትሮኒክ ማሳወቂያው የይለፍ ቃልም በድርጅቱ እጅ በዚያው ዕለት ይለወጣል።